ምዕራፍ 6፦ «ሻሩ!» የሚለው አዋጅ

አንድ ፕሮሰሰር ውስጥ ሁለት ኮሮች አሉ እንበል። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ካሽ አላቸው፤ ሁለቱም የሚቀዱት ግን ከአንድ ሜሞሪ ነው። ሜሞሪው ውስጥ X የሚባል ቁጥር ተቀምጧል፤ ዋጋው 5 ነው። ኮር 0 ሲያነበው 5 ወደ ካሹ ገባ። ኮር 1ም ሲያነበው 5 ወደ እሱ ካሽ ገባ። ቀጥሎ ኮር 0 ቁጥሩን 6 አደረገው። የዘመኑ ካሾች የተጻፈባቸውን ሁሉ እዚያው ለሜሞሪ አያስረክቡም፤ ይዘውት ይቆዩና ቦታ ሲጠብባቸው ነው የሚያወርዱት። ስለዚህ 6 ያለው ኮር 0 ካሽ ውስጥ ብቻ ነው። ኮር 1 X ን ደግሞ ቢያነብ ከራሱ ካሽ ያረጀውን 5 አንስቶ ሥራውን ይቀጥላል።

ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው አልተሳሳተም። ሁለቱም ኮሮች የታዘዙትን አድርገዋል። የጎደለው በሁለቱ ካሾች መካከል ያለው ስምምነት ነው። ይህ ምዕራፍ ያን ስምምነት ይከተላል፤ የምንከተለውም አንድ ብሎክ ይዘን በሁለት ኮሮች መካከል ሲመላለስ ደረጃ በደረጃ እያየን ነው። ወረቀትና እርሳስ ቢያዝ መልካም ነው። ሦስት ዓምድ ይበቃል፤ አንዱ ለኮር 0፣ አንዱ ለኮር 1፣ አንዱ ለሜሞሪ። እኔ ይህ ነገር የገባኝ በዚህ መንገድ ነው፤ ጽሑፉን ብቻ ሳነብ የገባኝ መስሎኝ ነበር፣ ዓምዱን ራሴ ስሞላ ግን ስድስተኛው እርምጃ ላይ ቆምኩ።

ስምምነቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል። በየትኛውም ቅጽበት አንድ ብሎክ ወይ አንድ ጸሐፊ ብቻ አለው፣ ወይ የፈለገውን ያህል አንባቢ፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይሆኑም። አስቸጋሪው፣ ይህን ማን ያስከብር የሚለው ነው። ሁሉንም የሚያውቅ አንድ መዝጋቢ ማስቀመጥ ይቻላል፤ እንደዚያ የሚሠሩ ማሽኖችም አሉ። ሌላው መንገድ መዝጋቢ የለውም። ሁሉም ካሾች ከሜሞሪ ጋር የተገናኙት በአንድ የጋራ መስመር፣ በባስ፣ ስለሆነ አንዱ የሚናገረውን ሁሉም ይሰማል። እንግዲያው እያንዳንዱ ካሽ ጆሮውን መስመሩ ላይ ይጣል፤ የሚያልፈው ነገር የሚመለከተው ከሆነ የራሱን ግልባጭ ያስተካክል። ስኑፒንግ የሚባለው ይህ ነው። ጄምስ ጉድማን የተባለው ተመራማሪ በ1983 ባወጣው ጽሑፍ ነው ሐሳቡ በግልጽ የቀረበው። የዛሬዎቹ ፕሮሰሰሮች በቤተሰብነት የሚከተሉት ደግሞ በ1984 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ማርክ ፓፓማርኮስና ጃናክ ፓቴል ያቀረቡትን ነው፤ ሜሲ በሚል ስም ይታወቃል።

ካሹ ጆሮ ሲጥል በተግባር የሚሆነው ይህ ነው። እያንዳንዱ ብሎክ ካሹ ውስጥ ሲቀመጥ ከጎኑ የአድራሻው መለያ፣ ታግ የሚሉት፣ ይጻፋል። በመስመሩ ላይ አንድ አድራሻ ባለፈ ቁጥር የካሹ ተቆጣጣሪ አድራሻውን ከታጎቹ ጋር ያስተያያል። ነገር ግን ኮሩ ራሱም በየቅጽበቱ እነዚያኑ ታጎች ይፈልጋቸዋል። ሁለቱ እንዳይጋፉ ብዙ ዲዛይነሮች ታጎቹን በሁለት ቅጂ አስቀምጠዋቸዋል፤ አንዱ ለኮሩ፣ አንዱ ለመስመሩ። በዚህ የተነሳ የማይመለከተው አድራሻ ሲያልፍ ኮሩ ምንም አይሰማውም።

ከታጉ ጎን ደግሞ የብሎኩን ሁኔታ የሚናገሩ ሁለት ቢቶች አሉ። በሁለት ቢት አራት ነገር ይባላል፤ በአማርኛ እንዲህ ልበላቸው። «የተሻረ» ማለት ብሎኩ ቦታው ላይ ቢኖርም አይታመንም፣ እንደሌለ ይቆጠር ማለት ነው። «የጋራ» ማለት ግልባጩ ትክክል ነው፣ አንብበው፤ ግን ሌላም ዘንድ ሊኖር ይችላልና ሳታስታውቅ አትጻፍበት። «የብቻ» ማለት ከአንተ ሌላ ማንም ካሽ አልያዘውም፣ ከሜሞሪውም ጋር አንድ ነው። «የተቀየረ» ማለት ከአንተ ሌላ ማንም አልያዘውም፣ ሜሞሪውም ያረጀ ነው፣ እውነተኛው ዋጋ ያለው አንተ ዘንድ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ልብ እንዲባልልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። የሁኔታው ስም ኮሩ ስለያዘው ግልባጭ ብቻ አይናገርም፤ ኮሩ ስለ ሌሎቹ ምን እንደሚያውቅ ይናገራል። «የብቻ» የሚለው ቃል ስለ ኮር 0 ተጽፎ ስለ ኮር 1 የሚመሰክር ነው። የመጻፍ ፈቃድም የሚመነጨው ከዚህ ዕውቀት ነው።

በመስመሩ ላይ የሚነገሩት አዋጆች ለእኛ ጉዳይ ሦስት ናቸው። ማንበብ የፈለገ «ላንብብ» ይላል። ብሎኩ ሳይኖረው መጻፍ የፈለገ «ስጡኝ፣ እጽፍበታለሁ» ይላል። ብሎኩን በ«የጋራ» ይዞ መጻፍ የፈለገ ደግሞ ዳታው እጁ ላይ ስለሆነ የሚለው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ሻሩ!»

አሁን እንጀምር። ብሎኩ 64 ባይት ነው እንበል፤ በላፕቶፖችና በሰርቨሮች ላይ በብዛት የሚገኘው መጠን ይህ ነው። X በብሎኩ የመጀመሪያ 8 ባይት ላይ ተቀምጧል፤ ከኋላው ሌሎች ሰባት ባለ 8 ባይት ቁጥሮች ይገባሉ። መነሻው ላይ ሁለቱም ካሾች ብሎኩ የላቸውም፣ ማለትም ሁለቱም «የተሻረ» ናቸው። ሜሞሪው 5 ይላል።

አንደኛ፣ ኮር 0 X ን ያነባል። ካሹ ውስጥ ስላጣው «ላንብብ» ብሎ አድራሻውን በመስመሩ ላይ ያውጃል። ኮር 1 ይሰማል፣ ታጎቹን ያያል፣ የለውም፤ ዝም ይላል። ሜሞሪው ብሎኩን ይልካል። ማንም «እኔም ዘንድ አለ» ስላላለ ኮር 0 ከ«የተሻረ» ወደ «የብቻ» ይሄዳል። ዝምታው ራሱ መረጃ ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ኮር 1 X ን ያነባል። እሱም «ላንብብ» ይላል። አሁን ኮር 0 አድራሻውን ያውቀዋል፤ እኔም ዘንድ አለ የሚል ምልክት ያወጣል፣ የራሱንም «የብቻ» ወደ «የጋራ» ዝቅ ያደርጋል። ኮር 1 ምልክቱን አይቶ «የጋራ» ብሎ ይቀበላል። ሁለቱም 5 ይዘዋል፣ ሜሞሪውም 5 ነው፤ ከዚህ በኋላ ሁለቱም ሺህ ጊዜ ቢያነቡ መስመሩ ላይ አንድም ድምፅ አይሰማም።

ሦስተኛ፣ ኮር 0 X ን 6 ሊያደርግ ነው። «የጋራ» ይዟልና ዝም ብሎ መጻፍ አይችልም። «ሻሩ!» ይላል። ኮር 1 ሰምቶ ግልባጩን «የተሻረ» ያደርገዋል። ኮር 0 «የተቀየረ» ይሆንና 6 ይጽፋል። ሜሞሪው አሁንም 5 ነው፤ ማንም አላረመውም፣ ማረምም አላስፈለገም። ልብ በሉ፣ ኮር 0 አዲሱን ዋጋ ለማንም አልነገረም። ያወጀው አሮጌው መሻሩን ብቻ ነው። ስምምነቱ የመሻር ስምምነት የሚባለውም ለዚህ ነው።

አዲሱን ዋጋ ለምን አብሮ አላወጀም? የሚያውጁ ስምምነቶችም ተሠርተዋል፤ በዜሮክስ ፓርክ የተነደፈው ድራገን ከእነሱ አንዱ ነው። ጣጣው የሚታየው ኮር 0 ያንኑ ቁጥር ደጋግሞ ሲጽፍ ነው። 6፣ 7፣ 8 እያለ መቶ ጊዜ ቢጽፍ፣ ዋጋ አውጆ የሚያድሰው ስምምነት መቶ ጊዜ መስመሩን ይይዛል፤ ኮር 1 ከመቶዎቹ አንዱን እንኳ ላያነብ ይችላል። የመሻር ስምምነት አንድ ጊዜ «ሻሩ!» ይላል፣ የቀሩትን ዘጠና ዘጠኝ በ«የተቀየረ» ሁኔታ ዝም ብሎ ይጽፋል።

አራተኛ፣ ኮር 1 X ን ያነባል። ታጉ ካሹ ውስጥ አለ፤ ሁኔታው ግን «የተሻረ» ነው። ብሎኩ ቦታ አጥሮት አልወጣም፤ ሌላ ኮር ስለጻፈበት ነው የጠፋው። ካሹን በእጥፍ ብናሰፋው እንኳ ይህ ዓይነቱ ማጣት አይቀርም። «ላንብብ» ይላል። ሜሞሪው መልስ ሊሰጥ ይችል ነበር፤ ቢሰጥ ግን የሚሰጠው 5 ነው፣ ስህተት። ስለዚህ ኮር 0 ጣልቃ ይገባል፤ ሜሞሪውን አስቁሞ 6 ያለበትን ብሎክ ራሱ ያወጣል። ኮር 1 ይቀበላል፣ ሜሞሪውም በዚያው አጋጣሚ ከመስመሩ ቀድቶ 6 ይሆናል። ሁለቱም ኮሮች «የጋራ» ላይ ናቸው።

አምስተኛ፣ ኮር 1 X ን 9 ያደርጋል። የሦስተኛው መስታወት ነው፤ «ሻሩ!» ይላል፣ ኮር 0 «የተሻረ»፣ ኮር 1 «የተቀየረ»፣ ሜሞሪው 6።

ስድስተኛ፣ ኮር 0 X ን 10 ሊያደርግ ነው። ግልባጩ ተሽሯልና «ስጡኝ፣ እጽፍበታለሁ» ይላል። ኮር 1 «የተቀየረ» ይዟል፤ ብሎኩን አውጥቶ ይሰጥና የራሱን ይሽራል። ኮር 0 ተቀብሎ 10 ይጽፋል፣ «የተቀየረ» ይሆናል።

እኔ የቆምኩት እዚህ ነበር። ኮር 0 X ላይ 10 ሊጽፍበት ከሆነ፣ የኮር 1ን 9 ለምን ይቀበላል? ሊደመስሰው አይደለም እንዴ? መልሱ ያለው ብሎኩ ውስጥ ነው። ኮር 0 የሚጽፈው 8 ባይት ነው፤ ብሎኩ ግን 64 ነው። ኮር 1 በአምስተኛው እርምጃና በስድስተኛው መካከል ከጎረቤቶቹ ሰባት ቁጥሮች አንዱን፣ ለምሳሌ አራተኛውን፣ ቀይሮት ሊሆን ይችላል። ያ ለውጥ ደግሞ ሌላ የትም የለም። ኮር 0 የራሱን ያረጀ ብሎክ ይዞ 10 ቢለጥፍበት የኮር 1 ሥራ ድምፅ ሳያሰማ ይጠፋል። ፕሮግራመሩ ስለ ቁጥር ያስባል፣ ካሹ ግን ስለ ብሎክ እንጂ ስለ ቁጥር የሚያውቀው ነገር የለም።

ይህን ከያዝን በኋላ ወደ ከባዱ ቦታ መሄድ እንችላለን። ሁለተኛውን እርምጃ እንደጨረስን እናስብ፤ ሁለቱም «የጋራ» ይዘዋል፣ X 5 ነው። በዚያው ቅጽበት ኮር 0 X ላይ 6 ሊጽፍ፣ ኮር 1 ደግሞ የብሎኩ አራተኛ ቁጥር ላይ ሊጽፍ ተነሱ። ሁለቱም «ሻሩ!» ማለት ፈልገው መስመሩ ደጃፍ ላይ ቆሙ። መስመሩ አንድ ነው፤ አንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ይናገርበታል። የመስመሩ ዳኛ ለኮር 0 ፈቀደ እንበል።

ኮር 0 «ሻሩ!» አለ። ኮር 1 ተራ እየጠበቀ ቢሆንም ጆሮው መስመሩ ላይ ነው፤ ሰምቶ ግልባጩን ሻረ። አሁን ኮር 1 አፉ ላይ ያለው ቃል «ሻሩ!» ነው፤ ተራው ሲደርስ ያንኑ ቢል ምን ይሆናል? ኮር 0 ግልባጩን ይሽራል፣ 6ንም አብሮ ይጥላል። ኮር 1 ደግሞ X 5 በሆነበት አሮጌ ብሎክ ላይ የራሱን ቁጥር ጽፎ «የተቀየረ» ይላል። 6 ከዓለም ጠፋ። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ተራ እየጠበቀ ሳለ ጥያቄውን መለወጥ አለበት፤ «ሻሩ!» ሊል የነበረው «ስጡኝ፣ እጽፍበታለሁ» ይሆናል። ተራው ሲደርስ ኮር 0 6 ያለበትን ብሎክ ይሰጠዋል፣ ኮር 1 በዚያ ላይ ይጽፋል፤ ሁለቱም ለውጦች ተረፉ።

በመማሪያ መጻሕፍት የሚሣለው ባለ አራት ክብ ሥዕል ይህን አያሳይም። ሥዕሉ ላይ ከ«የጋራ» ወደ «የተቀየረ» የሚሄደው ቀስት አንድ ጭረት ነው፤ በእውነተኛው ሲሊከን ግን ኮሩ ለመሄድ ተነስቶ ገና ያልደረሰበት ጊዜ አለ፣ በዚያም ጊዜ ውስጥ የሌላው አዋጅ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ዲዛይነሮች አራቱ ላይ «ተራ እየጠበቀ ያለ» ዓይነት መሸጋገሪያ ሁኔታዎችን ይጨምራሉ። የስምምነቱ እውነተኛ ከባድነት ያለው እነዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁሉንም ያዳነውም አንድ ነገር ነው፤ መስመሩ ሁለቱን በቅደም ተከተል ማሰለፉ፣ ሰልፉንም ሁለቱም አንድ ዓይነት አድርገው ማየታቸው። የዛሬ ቺፖች አንድ የጋራ ሽቦ ላይ አልቀሩም፤ ኮሮቹ የሚገናኙት በቀለበትና በመረብ ነው፣ የጋራው ካሽም ማን ምን እንደያዘ እየመዘገበ አዋጁ ለሁሉም እንዳይደርስ ያጣራል። ቢሆንም ለአንድ ብሎክ የሚመጡ ጥያቄዎች የሚሰለፉበት አንድ ቦታ ሁልጊዜ መኖር አለበት።

ስምምነቱ የማይሰጠውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለቱም ኮሮች X ላይ አንድ ይጨምሩ ቢባሉ፣ መጨመር ማለት ማንበብ፣ መደመር፣ መጻፍ ነው። ሁለቱም 5 ያነባሉ፣ ሁለቱም አንድ ደምረው 6 ያገኛሉ፤ ኮር 0 «ሻሩ!» ብሎ 6 ይጽፋል፣ ኮር 1 ብሎኩን ተቀብሎ እሱም 6 ይጽፋል። 7 መሆን ነበረበት። ካሾቹ አንድም ሕግ አልጣሱም፤ ኮር 1 የደመረው ቀድሞ ያነበበውና ሬጅስተሩ ውስጥ ያስቀመጠው 5 ላይ ነው፣ ሬጅስተር ውስጥ ያለን ደግሞ ማንም አይሽረውም። ይህን የሚፈታው አቶሚክ ትእዛዝ ነው፤ ኮሩ ብሎኩን ለመጻፍ በሚያስችል ሁኔታ ይዞ፣ ሦስቱን ሥራ እስኪጨርስ የሌላውን አዋጅ ያስጠብቃል።

አንድ ጊዜ ሥራዬን ለማፋጠን ለሁለት ከፈልኩት። ሁለት ትሬድ፣ እያንዳንዱ የራሱን ቆጣሪ ብቻ የሚነካ፤ የሚጋሩት ምንም ነገር የለም ብዬ ነበር። ውጤቱ ትክክል መጣ። ፍጥነቱ ግን አንድ ትሬድ ብቻውን ሁለቱንም ሥራ ከሚሠራው ባሰ። ቆጣሪዎቹን ያስቀመጥኳቸው እንዲህ ነበር፦

```c
struct {
    volatile long a;
    volatile long b;
} s;
```

`a` 8 ባይት፣ `b` 8 ባይት፣ ጎን ለጎን። አንድ ብሎክ ውስጥ ናቸው። ወደ አራተኛውና ወደ አምስተኛው እርምጃ እንመለስ፤ ኮር 0 `a` ን ሊጨምር ብሎኩን ይወስዳል፣ የኮር 1 ይሻራል፤ ኮር 1 `b` ን ሊጨምር ብሎኩን ይወስዳል፣ የኮር 0 ይሻራል። ብሎኩ ከአንዱ «የተቀየረ» ወደ ሌላው «የተቀየረ» እየተወረወረ ይኖራል፤ ሁለቱም ኮሮች ከሚሠሩበት ይልቅ የሚጠብቁበት ይበዛል። ሐሰተኛ መጋራት ይሉታል። ኮዱን ደጋግመው ቢያነቡት አይታይም፣ የተጋራው ተለዋዋጭ አይደለምና።

በሊኑክስ ላይ የሚያጋልጠው መሣሪያ አለ፦

```
perf c2c record ./prog
perf c2c report
```

የሚታየው ዓምድ `HITM` የሚለው ነው። ኮሩ ሊያነብ ሄዶ ብሎኩን በሌላ ኮር ካሽ ውስጥ በ«የተቀየረ» ሁኔታ ያገኘበትን ጊዜ ይቆጥራል፤ የእኛ አራተኛ እርምጃ ማለት ነው። አንድ ብሎክ ላይ ይህ ቁጥር ከሌሎቹ ተለይቶ ከገነነ፣ ሪፖርቱ ብሎኩ ውስጥ የትኞቹ ባይቶች በየትኛው የኮድ መስመር እንደተነኩ ያሳያል። የእኔ ላይ ሁለት የተለያዩ ባይቶች፣ ሁለት የተለያዩ ትሬዶች፣ አንድ ብሎክ ወጣ። ማስተካከያው ሁለቱን ማራራቅ ነበር፦

```c
struct {
    _Alignas(64) volatile long a;
    _Alignas(64) volatile long b;
} s;
```

ለእያንዳንዱ ቆጣሪ 56 ባይት ባዶ ቦታ ባከነ። ዓምዶቹን አሁን ብንሞላቸው እንዲህ ይሆናል። ኮር 0 የ`a` ን ብሎክ «ላንብብ» ይላል፣ ማንም አይመልስም፣ «የብቻ» ይሆናል። ሲጽፍ ብቻውን መሆኑን ስለሚያውቅ ሳያስታውቅ «የተቀየረ» ይሆናል። ኮር 1 በ`b` ብሎክ ላይ ያንኑ ያደርጋል። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሚሊዮን ጊዜ ቢጽፉ፣ ብሎኮቹ ካሹ ውስጥ እስካሉ ድረስ ስለ እነሱ መስመሩ ላይ የሚታወጅ ነገር የለም።